ቅናሽ መች ጠየቅን?

ቅዳሜ ጧት ነው። አክስቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ፌስታሉ ታስሯል፣ ፔርሙዙ ታጥቧል። ያጎት ልጅ መኪናውን በር ላይ አቁሞ በየአምስት ደቂቃው ይደውላል፤ «ዘበኛው ተነሣ እያለኝ ነው፤ ምን እየሠራችሁ ነው?» ሐኪሙ «ጨርሰዋል፤ መውጣት ይችላሉ» ካለ አንድ ሰዓት አልፎታል። የቀረን አንዲት ወረቀት ብቻ ናት፤ ሒሳብ ተከፍሏል የምትል፣ ማኅተም ያረፈባት፣ ለበሩ ዘበኛ የምትሰጥ ብጣሽ።

እንግዲህ የሆስፒታል ሒሳብ የሚመጣው በዚህች ሰዓት ነው። ታማሚው ለብሶ፣ አስታማሚው አምስት ሌሊት በወንበር ላይ ሲያንጎላጅ ከርሞ፣ መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ እያለ። ሰው ስለ ገንዘብ ለማሰብ ከዚህ የከፋ ሰዓት ቢፈልግ አያገኝም። ሆን ተብሎ ነው አልልም፤ ለከፋዩ ግን ልዩነት የለውም።

የመጣልን ወረቀት ግማሽ ገጽ ነበር። ሰባት መስመር፦ አልጋ፣ የሐኪም ጉብኝት፣ ላቦራቶሪ፣ ራጅ፣ መድኃኒት፣ ኦክስጅን፣ «የፍጆታ ዕቃዎች»። ጠቅላላ 71,640 ብር። ሰኞ ማታ ስንገባ 40,000 ብር አስይዘናል፤ ስለዚህ 31,640 ብር ክፈሉና ሂዱ ነው ነገሩ። አክስቴ የሳንባ ምች ይዟት ነው የገባችው። ሐኪሞቹም ነርሶቹም እግዜር ይስጣቸውና አድነዋታል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወድጄ አይደለም። በእኛ አገር ስለ ሆስፒታል ሒሳብ አፉን የከፈተ ሰው መጀመሪያ ምስጋና ቢስ አለመሆኑን መማል አለበት።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ሄድኩ። «እኅቴ፣ ዝርዝሩን ብታወጪልኝ?» አልኳት።

«ዝርዝሩ እኮ እሱ ነው።»

«ይሄ ድምሩ ነው። መድኃኒት 19,000 ምናምን ይላል። የትኛው መድኃኒት፣ ስንት ፍሬ፣ በስንት ብር? ኦክስጅን ስንት ሰዓት? የፍጆታ ዕቃዎች ማለትስ ምን ማለት ነው?»

ከኋላዬ የቆሙት ሰዎች መተንፈስ ሲጀምሩ ተሰማኝ። የገዛ ዘመዴ እጄን ጎተት አደረገኝ፤ «ተው እንጂ፤ ነፍስ ተርፎ ሳንቲም ትቆጥራለህ እንዴ?»

እስቲ እዚች ላይ እንቁም። ይህ ዘመዴ ክፉ ሰው አይደለም። መርካቶ ሄዶ አንድ ብርድ ልብስ ለመግዛት አሥራ ሁለት ሱቅ የሚዞር፣ ምግብ ቤት ውስጥ ሁለት አምቦ ውኃ ጠጥቶ ሦስት ቢጻፍበት አስተናጋጁን ጠርቶ የሚያስቆጥር ሰው ነው። ታዲያ ለስልሳ ብር ውኃ የተነሣው ሰውዬ ሰባ ሺህ ብር ፊት ሲቀመጥለት ለምን «ከነገሩ ጦም እደሩ» ይላል? ሕክምናን ገበያ ማለት ነውር ስለመሰለው ነው። የከፈልነው የምስጋና ስጦታ ይመስለዋል፤ ስጦታ ደግሞ አይመረመርም። ወረቀቱ ላይ ግን የአንዱ ዋጋ፣ ብዛትና ድምር የሚል ሒሳብ እንጂ ስጦታ አልተጻፈም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ ሆስፒታል መተኛትን በውል ክፍል ውስጥ ነው ያስቀመጠው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ዋጋን በግልጽ ማሳወቅንና ደረሰኝ መስጠትን የነጋዴው ግዴታ አድርጎ ሲደነግግ፣ ሸማች ያለው ዕቃ የሚገዛውን ብቻ ሳይሆን አገልግሎት የሚገዛውንም ጭምር ነው። ምስጋናችንን ለሐኪሙ እናድርስ፤ ሒሳቡን ደግሞ እንቁጠር። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ገንዘብ ተቀባይዋ «ሲስተሙ በዝርዝር አያወጣም» አለችኝ። ይህቺ ዐረፍተ ነገር በሁሉም መሥሪያ ቤት ያለች ናት፤ መልስ ሰጥታ አታውቅም። ድምሩን የደመረው ማሽን የደመራቸውን ነገሮች የማያውቅ ከሆነ እንዴት ደመረ? ይህንን በጨዋ ቋንቋ ስጠይቅ የፋይናንስ ኃላፊው ተጠሩ። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ቢሯቸው አስገቡኝ፣ ወንበር ሳቡልኝ። ሒሳቡን አዩትና ፈገግ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«ለምን እንጨቃጨቃለን? እርስዎም የተማሩ ሰው ነዎት። አምስት ሺህ ብር ቅናሽ እናድርግልዎትና በሰላም ይሂዱ።»

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ አምስት ሺህ ብር ነው።

ቅናሽ መች ጠየቅሁ? ቅናሽ ማለት ሒሳቡ ትክክል ነው፣ እኛ ግን አዝነንልሃል ማለት ነው። የተቀበለው ሰው ውለታ ገባ፤ አፉ ተያዘ። ስሕተት ካለ ደግሞ ስሕተቱ እዚያው ተቀበረ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ታማሚ ላይ ይደገማል። ያ ሌላ ታማሚ ምናልባት ከገጠር የመጣ፣ በሬውን ሸጦ የሚከፍል፣ የፋይናንስ ኃላፊ ቢሮ ድረስ የሚያስገባ ምላስ የሌለው ነው። እሱ ቅናሽም አያገኝም። እንዲህ ያለው ቅናሽ የሚደርሰው ለጮኸ ሰው ብቻ ነው። እርማት ግን መዝገቡን ያስተካክላል።

«አመሰግናለሁ» አልኳቸው። «ቅናሹ ይቅርና ዝርዝሩን ይስጡኝ። ሒሳቡ ትክክል ከሆነ ሰባ አንዱንም ሺህ እከፍላለሁ።» እናም ይዤው የነበረውን ባዶ ወረቀት አወጣሁና እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ጻፍኩ። ለሚጠቅመው ይጥቀም ብዬ የጻፍኩትን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ፦

«ለሆስፒታሉ የፋይናንስ ክፍል። ጉዳዩ፦ የሒሳብ ዝርዝር ስለመጠየቅ። ታማሚያችን ከሰኞ ማታ 3 ሰዓት እስከ ቅዳሜ ጧት 4 ሰዓት በሆስፒታላችሁ ተኝተው ሲታከሙ ቆይተው ዛሬ በመውጣት ላይ ናቸው። ስለተደረገላቸው ሕክምና እናመሰግናለን። የቀረበልን ሒሳብ ድምሩን ብቻ የያዘ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ አገልግሎትና መድኃኒት የተሰጠበት ቀን፣ ብዛቱና የአንዱ ዋጋ ተለይቶ በጽሑፍ እንዲሰጠን በትሕትና እንጠይቃለን። ያላከራከረንን ክፍል ዛሬውኑ ለመክፈል ዝግጁ ነን። ከሠላምታ ጋር።»

የካርድ ቁጥሩን፣ ስሜንና ስልኬን ከሥር አኖርኩ። በሁለት ቅጂ ነው የጻፍኩት፤ በአንዱ ላይ «ደርሶናል» አስብዬ አስፈረምኩና ኪሴ ከተትኩ። በቃል የተጠየቀ ጥያቄ በቃል ይመለሳል፤ ፊርማ ያለው ወረቀት ግን ማኅደር ውስጥ ይገባል። ማኅደር የገባ ነገር ደግሞ መልስ የሚሰጠው ሰው ይፈልጋል። ማንንም አልሰደብኩም፣ «አጭበረበራችሁ» አላልኩም። ስሕተት መኖር አለመኖሩን ገና አላወቅሁማ!

ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ያ በዝርዝር የማያወጣው ሲስተም ሦስት ገጽ አወጣ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ሦስቱ ገጽ ሲመጣ ምኑን ከምኑ ታመሳክራለህ? የእኛ ዕድል የአክስቴ ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ እናቷ አጠገብ ስትቀመጥ ሥራ ስላጣች በደብተሯ የኋላ ገጽ ላይ የሆነውን ሁሉ ስትጽፍ ከርማለች። «ማክሰኞ 12 ሰዓት መርፌ። 3 ሰዓት ዶክተር መጣ። ረቡዕ ጧት 2 ሰዓት ኦክስጅን ተነሣ፣ እማዬ ሳቀች።» ደብተሯን ከሒሳቡ ጎን ዘረጋነው፤ ከዚያም የክፍሉን ኃላፊ ነርስ ለምነን የታማሚዋን ቻርት አጠገባችን አድርጋ ቁጭ አለች። ቻርቱን ውሰዱት አይሉም፤ አያስፈልግምም። የመድኃኒት መስጫው ቅጽ ላይ ነርስ መርፌ በሰጠች ቁጥር ሰዓቱን ጽፋ ትፈርማለች። ፊርማ የሌለው መርፌ አልተሰጠም። ማመሳከሪያው ይኸው ነው።

መጀመሪያ አልጋው። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፤ በጣት ቢቆጠር አምስት ሌሊት ነው። ሒሳቡ ስድስት ብሏል፤ የአንዱ ሌሊት 2,400 ብር። ማሽኑ የገባንበትንና የምንወጣበትን ቀን ሁለቱንም ቆጥሯል። ስንገባ የፈረምንበት ቅጽ ግን ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ለወጣ ታማሚ የመውጫው ቀን አይታሰብም ይላል። በርግጥ እኛ ስድስት ሰዓት ድረስ ዝርዝር ስንጠብቅ ብንቆይ ኖሮ ምን ሊባል ነበር? እግዜር ያውቃል።

ቀጥሎ የመድኃኒቱ ጉዳይ መጣ፤ እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚረቅቀው። ሴፍትሪያክሶን የሚባለው መርፌ በቀን ሁለት ጊዜ ታዞላት ነበር። ፋርማሲው የአምስት ቀኑን፣ አሥር ብልቃጥ፣ ሰኞ ማታ በአንድ ጊዜ ለክፍሉ ሰጠ፤ በዚያችው ቅጽበት አሥሩም ሒሳቧ ላይ ተጻፉ። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ሐኪሙ «ተሽሏታል፤ ወደሚዋጥ እንቀይር» አለ። በቻርቱ ላይ የተፈረመው ስድስት ነው፦ ሰኞ ማታ አንድ፣ ማክሰኞ ሁለት፣ ረቡዕ ሁለት፣ ሐሙስ ጧት አንድ። አራቱ ብልቃጥ ሳይከፈት ቀርቷል። ክፍሉ ወደ ፋርማሲ መልሶት እንደሆነ ተመላሽ ተብሎ መቀነስ ነበረበት፤ አልተቀነሰም። ብልቃጡ 280 ብር ነው፤ አራቱ 1,120። ልብ በሉ፤ እዚህ ውስጥ ሌባ የለም። ፋርማሲው ያወጣውን ጽፏል፣ ነርሷ የሰጠችውን ፈርማለች፣ ሒሳብ ክፍሉ ደግሞ የደረሰውን ደምሯል። ሁሉም ልክ ናቸው፤ ድምሩ ብቻ ስሕተት ነው። ሐኪም ሐሳቡን በቀየረበት ቀን ሁሉ ሒሳቡን መጠርጠር ነው፤ የትዕዛዝ ለውጥ ከክፍል ወደ ክፍል እኩል አይሮጥም።

ኦክስጅኑም የዚሁ ወንድም ነው። የሚታሰበው በሰዓት ነው፤ 120 ብር። ሰኞ ማታ 4 ሰዓት ተደረገላት፣ ረቡዕ ጧት 2 ሰዓት ተነሣላት። ሠላሳ አራት ሰዓት ነው። ሒሳቡ ሃምሳ ስምንት ይላል። ሃያ አራት ሰዓት ከየት መጣ? ማስጀመሪያውን የጻፈ ሰው አለ፤ ማቆሚያውን ግን ረቡዕ ማንም ሳይጽፈው ቀርቶ ሐሙስ ጧት ተረኛዋ ነርስ አይታ ነው የመዘገበችው። በዚያ መሐል አክስቴ ኮሪደር ላይ ትንሸራሸር ነበር። 2,880 ብር። ደብተሯ ላይ «እማዬ ሳቀች» የምትለው መስመር ይህን ሁሉ ገንዘብ አወጣች።

ላቦራቶሪው ሦስት የደም ቆጠራ አስከፍሏል፤ ውጤቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛው ናሙና ረግቶባቸው እንደገና ስለቀዱ ነው። በእነሱ እጅ ለረጋ ደም ታማሚዋ 450 ብር የምትከፍልበት ምክንያት የለም፤ ነርሷም ወዲያው አመነች። ለማወቅ ቀላል ነው፦ የተከፈለበትን ምርመራና የውጤት ወረቀቱን ጎን ለጎን ቁጠር፤ ውጤት የሌለውን ጠይቅ።

«የፍጆታ ዕቃዎች» የምትለዋ መስመር ስትፈታ አሥራ ዘጠኝ ሆነች። ሲሪንጅ፣ ካኑላ፣ የግሉኮስ ማውረጃ፣ ፕላስተር፤ ብዙው ልክ ነበር። ሦስት ባኮ ጓንት ግን አለበት። አንዱ ባኮ መቶ ጓንት ይይዛል። ሦስት መቶ ጓንት ለአምስት ቀን፣ በቀን ስልሳ! አክስቴን እንዲህ የዳሰሳት ሰው ቢኖር ኖሮ እሷ ራሷ ትነግረን ነበር። ነገሩ የታወቀ ነው፤ ክፍሉ ለሁሉም አልጋ የሚጠቀምበትን ባኮ በአንዷ ስም አውጥቷል። ሁለቱ ተሠረዘ፤ 1,300 ብር።

ሁሉም ጥያቄዬ ግን ልክ አልነበረም። ሁለት ራጅ ተጽፎ ሳይ «አንድ ነው የተነሣችው» ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ቻርቱ ሲገለጥ ማክሰኞ ሌሊት፣ እኔ ቤት ሄጄ ተኝቼ ሳለሁ፣ ትንፋሿ ከብዶ ሁለተኛ ራጅ ተነሥታለች፤ ፊልሙም አለ። አፈርኩ፤ ይቅርታም ጠየቅሁ። ጥያቄ እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ጥያቄ መጠየቁ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ቅድም «ሌቦች» ብዬ ቢሆን ኖሮ አሁን በየት እመለሳለሁ?

ደግሞ ሌላ ነገር ተገኘ። በማስክ የሚሰጥ የትንፋሽ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ወስዳለች፤ ቻርቱ ላይ አለ፣ ሒሳቡ ላይ ግን የለም። ዘመዴ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። «ዝም በል!» ማለቱ ነው። አክስቴ ግን ከአልጋው ጫፍ ሆና ሰምታ ኖሮ፣ «የተሰጠኝን ጻፉልኝ፤ የሌላ ሰው ገንዘብ ይዤ ቤቴ አልገባም» አለች። 300 ብር ተጨመረብን።

ድምሩን ላስላላችሁ። የተነሣልን 8,150 ብር ነው፤ የተጨመረብን 300። ስለዚህ በንጹሕ 7,850 ብር ወረደ፤ ሒሳቡ 63,790 ሆነ። ካስያዝነው በላይ የከፈልነው 23,790 ነው። በቸርነት የቀረበልን አምስት ሺህ ብር፣ ከራሳችን ገንዘብ ላይ የተቆረሰ ቁራሽ ኖሯል። ቀሪውን ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ብር ደግሞ በምስጋና ትተንላቸው ልንሄድ ነበር።

የፋይናንስ ኃላፊው በመጨረሻ ቅር ብሏቸው «እምነት ሊኖር ይገባል» አሉ። እምነት! እምነት ያለውማ አስቀድሞ ያሳያል። ዋጋውን ካርድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። የተኛ ታማሚ በየማታው የዕለቱን ሒሳብ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት እንዲያገኝ ያደርጋል። ያቺ ወረቀት ብትኖር ሐሙስ ማታ «ኦክስጅኑ ትናንት ተነሥቷል እኮ» ብለን በአንድ ቃል እንጨርሰው ነበር፤ ነርሷም ታስታውሳለች፣ እኛም እናስታውሳለን። ቅዳሜ ጧት፣ ተረኛዋ ከተቀየረች በኋላ፣ የሃያ አራት ሰዓት ኦክስጅን መፈለግ ግን የአርኪዮሎጂ ሥራ ነው። የደብተር ልጅ የሌለው ሰው ምን ይሁን?

ሌላው ቢቀር ደረሰኙ አለ። ከካሽ ሬጅስተር የወጣልን ደረሰኝ «የሕክምና አገልግሎት» ብሎ አንድ መስመር ይጽፋል፤ በቃ። የሕክምና ወጪውን መሥሪያ ቤቱ የሚተካለት ሰው ይህንን ይዞ ሲሄድ «ዝርዝር አምጣ» ይባላል። ስለዚህ ለድርጅት ሲሆን ዝርዝሩ ይወጣል፤ ማኅተምም ይረገጥበታል። በራሱ ኪስ የሚከፍለው ሰውዬ ሲጠይቅ ብቻ ነው ሲስተሙ የሚታመመው።

ወረቀቱ አልመጣ ብሎ፣ ዘበኛው በር ላይ ቆሞ፣ ታማሚው ደክሞት ቢሆንስ? ያኔ ሒሳቡ ላይ ሙግት መግጠም ለታማሚው አይበጅም፤ እኔም አልመክርም። አቅም ካለ ክፈሉ፤ ነገር ግን ከመክፈላችሁ በፊት በእነሱ ቅጂም በእናንተ ቅጂም ላይ «ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቄ፣ ጥያቄዬ እንደተጠበቀ ሆኖ ከፍያለሁ» ብላችሁ ጻፉና ቀን አኑሩበት። ዝም ብሎ ከፍሎ፣ ቤት ገብቶ፣ ቡና ላይ መማረር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የጻፈ ሰው ግን ማክሰኞ ተመልሶ «ያ ጥያቄዬ» ማለት ይችላል።

እኛ ማኅተሟን ይዘን ከበሩ ስንወጣ ሰባት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያጎት ልጅ መኪናውን ሦስት ጊዜ ቦታ አቀያይሮ፣ አንዴ በትራፊክ ተቀጥቶ፣ ተኮሳትሮ ጠበቀን። ቅጣቱን ከሰባት ሺህ ስምንት መቶው ላይ አንሥተን ሰጠነው። ደረሰኙን ጠይቄዋለሁ።